«ገና ሰኞ ነው ወይ?» — የተዝረከረከ ትሬድን ስለ ማቃናት የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። በኤክስ ላይ ትሬድ ብለን የምንጠራውን፣ ፖስት ከፖስት እየተቀጠለ የሚሄደውን ተከታታይ ጽሑፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ትጽፋላችሁ። እኔ የማነሣው ረቂቁ ካለቀ በኋላና ከመለጠፉ በፊት ያለውን ሥራ ብቻ ነው። ይኸውም የተዝረከረከውን ረቂቅ ይዞ፣ እያንዳንዱ ፖስት ተነጥሎ ቢነበብ ትርጉሙ እንዳይዛባ፣ ሁሉም በተራ ሲነበብ ደግሞ ሐሳቡ እንዳይቆራረጥ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። ለማሳያ የሌላ ሰው ጽሑፍ አላመጣሁም። የራሴን፣ ያውም ያሳፈረኝን ይዤ መጥቻለሁ።

በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. «ዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ ለምን በፈረንጅ በ12 ሆነ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ሲመጣብኝ፣ በአንድ ምሽት ተቀምጬ አሥራ አንድ ፖስት ያለው ትሬድ ጽፌ ለጠፍሁ። ስምንተኛው ፖስት «ስለዚህ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው ማለት ነው» ይል ነበር። ሊገባ ላለው ለ2016 ዓ.ም. ትክክል ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ አንድ ሰው ያንን ፖስት ብቻ ስክሪንሹት አድርጎ በቤተ ዘመድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። አክስቴ ወዲያው ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ገና ሰኞ ነው ወይ? እኔ እኮ ዶሮውን ያዘዝሁት ለማክሰኞ ነው።»

«ኧረ ማክሰኞ ነው፣ እትዬ። ታኅሣሥ 29 ነው።»

«ታዲያ ያንተ ስም ያለበት ጽሑፍ 28 ይላል።»

መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ስሜም አለበት። ቃሉ እውነት የሚሆነው በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚገልጸው ነገር ግን በፖስቱ ላይ አልነበረም። ዓመቱን የጠቀስሁት በመጀመሪያው ፖስት ላይ ነበር፤ እዚያም ቢሆን «ዘንድሮ» በሚል ቃል ነው። ምክንያቱን ያስቀመጥሁት ደግሞ በሦስተኛውና በአራተኛው ፖስት ነበር። ስምንተኛውን ብቻ ያየ ሰው ከ«ስለዚህ» በፊት ምን እንደተባለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዚያው ሳምንት ረቂቁን አውጥቼ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ የዚያን ሥራ ሂደት ነው።

አስቀድሜ ስለ ቦታው ስፋት ልናገር፤ ምክንያቱም የአማርኛ ጸሐፊ የሚሠራበት ሜዳ ብዙዎች ከሚያስቡት ጠባብ ነው። ኤክስ፣ ያኔ ትዊተር፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 2017 የአንዱን ፖስት ልክ ከ140 ወደ 280 ሲያሳድግ፣ ፊደል ሁሉ እኩል እንዲቆጠር አላደረገም። ሥርዓቱ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ እስከ 4351ኛው ቁጥር ድረስ የሰፈሩትን ምልክቶች እያንዳንዳቸውን አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን፣ ከጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች በቀር፣ ሁለት ሁለት ያደርጋቸዋል። የላቲን፣ የዐረብና የዕብራይስጥ ፊደላት ከወሰኑ ወዲህ ናቸው። የእኛ ፊደል የሚጀምረው ከ4608 ስለሆነ ከወሰኑ ወዲያ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ «መ» ሁለት ትበላለች፤ አራት ነጥባችንም ሁለት ትበላለች፤ ክፍት ቦታና የተለመደው አኃዝ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው። «12» ብላችሁ ብትጽፉ ሁለት፣ «፲፪» ብላችሁ ብትጽፉ አራት ይቆጠርባችኋል። ክፍያ በሌለው ተራ አካውንት ለሚጽፍ ሰው ይህ በአማካይ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ የአማርኛ ቃል ማለት ነው። አንድ ፍሬ ነገር፣ እውነት የሚሆንበት ሁኔታና ምናልባት አንድ ምሳሌ ይይዛል፤ ሁለተኛ ፍሬ ነገር ለመጨመር ስትሞክሩ መጀመሪያ ተገፍቶ የሚወድቀው ሁኔታው ነው። የእኔም ስምንተኛ ፖስት የተበላሸው እንዲሁ ነው፤ «በዘመነ ዮሐንስ» የሚለውን ሐረግ ቦታ ለማትረፍ ስል አውጥቼው ነበር።

ቦታ የጠበበበት ጸሐፊ ቀድሞ የሚያደርገው ነገር ረጅሙን ጽሑፍ ልኩ በደረሰበት መቁረጥ ነው። ይህ በእንግሊዝኛም ያበላሻል፤ በአማርኛ ግን የባሰ ያበላሻል። ምክንያቱ የአረፍተ ነገራችን አሠራር ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እስከዚያው ድረስ «ይዞ»፣ «ሆና»፣ «ቆይታ»፣ «ስትጨምር» እያለ ሐሳቡን ያንጠለጥላል። በብራና ወይም በመጽሐፍ ላይ ይህ ውበት ነው። በመካከሉ ስትቆርጡት ግን የመጀመሪያው ቁራጭ ምንም ሳይናገር ይቀራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ማን እንደሚናገር አይታወቅም። የእኔን ሦስተኛና አራተኛ ፖስት እንዳሉ ላንብብላችሁ። ሦስተኛው፦

«የእኛ ዓመት አሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወራትና ጳጉሜንን ይዞ፣ ጳጉሜንም ሦስቱን ዓመት አምስት ሆና ቆይታ በአራተኛው፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ አንድ ቀን ስትጨምር፣»

አራተኛው፦

«በዚህ ጊዜ ከእነሱ ጋር የነበረው ይዛነፍና በ12 ይውላል። ይህም በየአራት ዓመቱ የሚደርስ ነው።»

ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። አራተኛውን ብቻ ያገኘ ሰው ግን አምስት ነገር ይጎድለዋል። «በዚህ ጊዜ» የተባለው መቼ ነው? «እነሱ» እነማን ናቸው? «የነበረው» የተባለው ምኑ ነው? 12 የየትኛው ወር 12 ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ «ይውላል» የተባለው ምንድን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ የአማርኛ ጸሐፊን የሚያጠምድ ነው። ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ስለሚደበቅ አረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ሙሉ ነው፤ ጸሐፊው ደጋግሞ ቢያነበውም ጉድለቱ አይታየውም፤ ምክንያቱም «ይውላል» ሲል ዕንቁጣጣሽ በአእምሮው አለ። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ተውላጠ ስሙን ጽፎ ስለሚያየው ሊጠረጥር ይችላል። እኛ ግን የሚያስጠረጥር ቃል እንኳ በገጹ ላይ የለንም። «ነገሩት»፣ «ሰጡዋት»፣ «አስቀሩበት» የሚሉት ሁሉ አንዳንድ ቃል ሆነው ሁለት ሁለት ሰው ወይም ነገር ደብቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ አይደለም። እኔ ያደረግሁት ረቂቁን በወረቀት አትሜ፣ ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር «ይህ ፖስት ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ በእርሳስ አንድ አጭር፣ በግሥ የሚዘጋ መልስ መጻፍ ነበር። ከአሥራ አንዱ አምስቱ መልስ አልነበራቸውም ወይም አዲስ መልስ አልነበራቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ወዳጄ እንዴት እንደደወለልኝ ያወራሉ። አምስተኛው ቀልድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቀልዱን ወድጄው ስለነበር ሳወጣው አሳዝኖኛል። ሰባተኛው አራተኛውን ይደግማል። አሥራ አንደኛው ምስጋና ነው። የቀሩት ስድስቱ ፍሬ ነገር ነበራቸው፤ ከእነሱ ደግሞ ሦስተኛው የወራቱን አቆጣጠርና የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የሚሉ ሁለት ፍሬ ነገሮችን አጭቆ ይዟል። እሱን ለሁለት ስከፍለው ሰባት ፖስት ሆነ። አሥራ አንዱ ሰባት ሲሆን የተጣለ እውነት አልነበረም፤ የተጣለው ወሬ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ተራው ሄድሁ። ረቂቁ የተደረደረው እኔ ነገሩን ባሰብሁበት ቅደም ተከተል ነበር፤ ወሩን አስታወስሁ፣ ከዚያ ሉቃስን፣ ከዚያ ፈረንጁን። አንባቢው ግን የመጣው «ለምን በ12 ሆነ?» ብሎ ነው፤ መልሱ አራተኛ ላይ ተቀብሮ ነበር። አራተኛውን ወደ መጀመሪያ አመጣሁትና ባለቤቶቹን ሁሉ ከግሡ ውስጥ አውጥቼ በስማቸው ጠራኋቸው። እንዲህ ሆነ፦

«ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚገባው አዲስ ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ይውላል። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው።»

ይህ በኤክስ ቆጠራ 168 ነው፤ ከሦስት እጅ ቦታው ከአንድ እጅ በላይ ይተርፋል። የተረፈውን አልሞላሁትም። ባዶ ቦታ ያየ ጸሐፊ «እግረ መንገዴን» እያለ ሌላ ነገር መጨመር ይወዳል፤ ዝርክርክነቱም ተመልሶ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው ፖስት አሥራ ሁለቱን ባለ ሠላሳ ቀን ወራትና ጳጉሜንን ያነሣል፤ እሱን አልፈዋለሁ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን አንድ ላይ ተመልከቷቸው፤ የአያያዙ ነገር በእነሱ ላይ ይታያል።

«ጳጉሜን በሦስት ዓመታት 5 ቀን፣ በአራተኛው 6 ቀን አላት። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው።»

«ዘመነ ሉቃስን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ የሉቃስ ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 2019ም እንዲሁ።»

በመካከላቸው «ስለዚህ» ወይም «ታዲያ» ወይም «ከላይ እንደተገለጸው» የሚል አያያዥ የለም። ቢሆንም አንዱ ሌላውን ይስባል። የመጀመሪያው «ዘመነ ሉቃስ» በሚል ስም አጠገብ ያበቃል፤ አንባቢው በልቡ «የትኛው ዓመት የሉቃስ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ይላል፤ ሁለተኛው በዚያው ስም ይጀምርና ይመልስለታል። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ዘመነ ሉቃስን ለማወቅ ለምን እንደተፈለገ ባያውቅም፣ የሚያነበው ነገር ሙሉና እውነት ነው። ስሙን መድገም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለብቻው ላገኘው መታወቂያ ይሆናል፣ በተራ ለሚያነበው ደግሞ መያያዣ ይሆናል። አያያዥ ቃል የሚሠራው ለሁለተኛው አንባቢ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ግራ ያጋባዋል። ስለዚህ በፖስት መግቢያ ላይ «ስለዚህ»ን፣ «ነገር ግን»ን፣ «ይህም»ን ባየሁ ቁጥር እሰርዛቸዋለሁ። በፖስቱ ውስጥ፣ ሁለቱም ወገኖች እዚያው በስም በተጠሩበት አረፍተ ነገር መካከል ከሆነ ግን አልነካቸውም።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የሐሙሱን ክፍል የሚደግም ሰው የረቡዑን ሳያስታውስ ይደግመዋል፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚደግመውም ሰባቱን እንደ አንድ ይሰማቸዋል።

አሁን ወደ ቁጥሮች ልምጣ፤ በዚህ ረገድ የእኛ ጸሐፊ የሌላው አገር ጸሐፊ የሌለበት ችግር አለበት። «2016» ብሎ የጻፈ ሰው አዲስ አበባ ላለ አንባቢ አንድ ዓመት፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለ አንባቢ ሌላ ዓመት ነው የነገረው። በትሬዱ መጀመሪያ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ አንዴ መናገር አይበቃም፤ ፖስቱ ሲነጠል ያ ማስታወቂያ እዚያው ይቀራል። ያውም የእኔ ጉዳይ የባሰ ነበር፤ በፈረንጆችም 2016 ፌብሩዋሪ 29 ያላት ዓመት ስለነበረች፣ የተሳሳተ አንባቢ ስሕተቱን የሚያርምበት ፍንጭ አያገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. የሚለውን አኅጽሮተ ቃልም ትቼዋለሁ፤ «ኤ»ውን ኢትዮጵያ እያሉ የሚያነቡት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ዓ.ም. ለእኛ፣ «በፈረንጆች» ወይም የፈረንጁን ወር ስም ለእነሱ አድርጌዋለሁ። «ሴፕቴምበር 12» በአጠገቡ ምንም ሳይኖር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያስታውቃል፤ «12» ብቻውን ግን አያስታውቅም። በዚሁ መንገድ «ዘንድሮ»፣ «አምና»፣ «የዛሬ ሳምንት» የሚሉትን ሁሉ በዓመትና በቀን ተካኋቸው። «ዘንድሮ» የሚል ቃል ያለበት ስክሪንሹት በየዓመቱ አዲስ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ ፖስቱ ራሱን ይቻል ወደሚለው። እኔም መጀመሪያ ስሠራው ወደዚያ ወገን አብዝቼ ወደቅሁ። ከአክስቴ ስልክ በኋላ ፈርቼ ስለነበር እያንዳንዱን ፖስት «በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መሠረት» በሚል ሐረግ ጀመርሁት። ጥንቃቄ ይመስላል። በተራ ሳነበው ግን እንደ ምህላ ሆነ፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኔ እየዘለለው አገኘሁት፣ አምስተኛው ላይ ሰለቸኝ። ደግሞም ዋጋው ከባድ ነው። ሐረጉ በኤክስ ቆጠራ ከነክፍት ቦታው 42 ይወስዳል፤ በሰባት ፖስት 294 ማለት ነው፤ ከአንድ ሙሉ ፖስት በላይ ለአንድ ሐረግ ድግግሞሽ ከፈልሁ። በቦታው ላይ ብዙ ካሰብሁ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ሐረጉ የሚሠራውን ሥራ አንዳንድ ስሞች በራሳቸው እንደሚሠሩት ነው። ጳጉሜን ያለችው በእኛ አቆጣጠር ነው። ዘመነ ሉቃስም፣ መስከረም 1ም የእኛ ናቸው። እነዚህ ስሞች በፖስቱ ውስጥ ካሉ አንባቢው የት እንዳለ ያውቃል፤ ማብራሪያ አያስፈልግም። ስለዚህ የሚደገመው ማብራሪያው ሳይሆን ስሙ ነው። የሁለተኛው ዙር ሥራ በአብዛኛው ይህ ነበር፤ ለደኅንነት ብዬ ያስገባኋቸውን ሙሉ አረፍተ ነገሮች ወደ አንድ ስም ወይም ወደ አንድ ሐረግ ማጠፍ።

ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ለብቻው ይቆማል ወይ እና ይያያዛል ወይ የሚሉት፣ ለየብቻ መፈተን አለባቸው፤ በአንድ ንባብ ሁለቱን መመርመር አይቻልም። ለመጀመሪያው ሰባቱን ፖስቶች በሰባት ቁራጭ ካርድ ላይ ጽፌ በጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አደባለቅኋቸው፤ ነገሩን ፈጽሞ ያልሰማችውን የጎረቤቴን ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ አንድ ካርድ እንድታወጣ ለመንኋት። ከዚያ ስለ ምን እንደሚያወራ፣ መቼ እውነት እንደሚሆን ጠየቅኋት፤ ዝም አልሁ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው። ጸሐፊ «አይ፣ እዚህ ላይ ማለት የፈለግሁት» ብሎ አፉን የከፈተበት ካርድ የወደቀ ካርድ ነው፤ ያ ማብራሪያ ከስክሪንሹቱ ጋር አብሮ አይዞርም። በዚያን ቀን ሁለት ካርዶች ወደቁ፤ አንዱ የገናው ነበር፣ አሁንም።

ለሁለተኛው ጥያቄ ካርዶቹን በተራቸው ደርድሬ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን አለዋወጥኋቸው። ቦታ ሲለዋወጡ የሚጎረብጥ ነገር ከሌለ በመካከላቸው አያያዥ የለም ማለት ነው፤ ዝርዝር እንጂ ተከታታይ ጽሑፍ አይደለም። ሦስተኛውና አራተኛው ሲለዋወጡ ወዲያው ጎረበጡኝ፤ ጥሩ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ግን ቢለዋወጡም ምንም አልተሰማኝም። አምስተኛው ይህ ነበር፦

«በሴፕቴምበር 12 የጀመረ ዓመት ከፈረንጆች አቆጣጠር ጋር የአንድ ቀን ሽግሽግ ይኖረዋል፤ ሽግሽጉ ግን ፌብሩዋሪ 29 ላይ ያበቃል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ሲከበር የዓድዋ ድል ማርች 2ን አልለቀቀም።»

ስድስተኛው የገናው ነበር፤ ታኅሣሥ 29 እንደሚከበርና በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 እንደሚሆን ይናገራል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ነገር ግን አይተዋወቁም። «ገና ግን» ብዬ ብጀምረው ይያያዛል፤ ለብቻው ያየው ሰው ግን «ከምን ግን?» ይላል። መፍትሔው የተገኘው ንጽጽሩን ወደ ፖስቱ ውስጥ በማስገባት ነው፤

«ከጥምቀት በተለየ ገና ጃንዋሪ 7ን አይለቅም። የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ፣ እንደ 2016 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። በ2017፣ በ2018 እና በ2019 ዓ.ም. ግን 29 ነው።»

«ከጥምቀት በተለየ» የሚለው ለተከታታይ አንባቢ የቀደመውን ፖስት ያስታውሰዋል፤ ለብቻው ላገኘው ሰው ደግሞ ጥምቀት ማንም የሚያውቀው በዓል ስለሆነ ምንም አይጎድለውም። ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። የቀድሞው ፖስት ለየት ያለውን 28 ተናግሮ የዘወትሩን 29 ዝም ብሎት ነበር፤ «ሁሉም ያውቀዋል» ብዬ። የአሁኑ ዘወትሩን ያስቀድማል፣ ልዩውን በሁኔታው ያስረዋል፣ ዓመቶቹንም በቁጥር ያስቀምጣል። አንድ ሰው ግማሹን ቆርጦ ቢያዞረው እንኳ የመጀመሪያው ግማሽ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ እውነት የሆነውን ነው።

ገና በዘመነ ዮሐንስ ለምን ወደ 28 እንደሚመጣ አልጻፍሁም። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ያለው ቀን ጳጉሜን 5 ስትሆን 275 ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ይጨምራልና ቁጥሩን ለመጠበቅ በዓሉ በአንድ ቀን ይቀድማል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ትሬዱ ስለ ዕንቁጣጣሽ ነው፤ ይህንን ላስገባ ብል ስምንተኛ ፖስት ይፈልጋል፣ እሱም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ጠያቂ ሲመጣ በመልስ እጽፈዋለሁ።

ሁሉም ሁኔታ በእያንዳንዱ ፖስት ውስጥ ይግባ ማለቴ እንዳልሆነ በሰባተኛው ፖስት አሳያችኋለሁ። የመጀመሪያው ፖስት «ሴፕቴምበር 12 ይውላል» ሲል ያለ ገደብ የተናገረ ይመስላል፤ ገደብ ግን አለው። በፈረንጆች 2100 ፌብሩዋሪ 29 የላትም፤ የእኛ አቆጣጠር ግን እንደለመደው ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይሰፋና ዕንቁጣጣሽ በሦስቱ ዓመታት ሴፕቴምበር 12፣ በአራተኛው 13 ይሆናል። ይህንን በመጀመሪያው ፖስት ውስጥ ላስገባ? አላስገባሁም። የእኔ መለኪያ ስክሪንሹቱ ሲዞር ሊኖር የሚችልበት ዕድሜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚያሳስት ሁኔታ ከፍሬ ነገሩ ጋር በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ መታሰር አለበት፤ ከሰባ ዓመት በኋላ የሚያሳስት ሁኔታ በራሱ ፖስት ቢቀመጥ ይበቃዋል። በ2100 ሴፕቴምበር ስክሪንሹቴን ይዞ የሚከራከር ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

የፖስቱን ተራ የሚናገረውን «3/7» የመሰለ ቁጥር መጨረሻ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው፤ ብዙ ቦታ አይወስድም፣ ለብቻው ላገኘውም ወንድሞች እንዳሉት ይነግረዋል። ከቁጥሩ የበለጠ ነገር ግን አትጠብቁ፤ ፖስቱን የሚያቆመው በውስጡ ያለው ስም ነው። በቴሌግራም አንድ መልእክት 4096 ምልክት ድረስ ስለሚይዝና ፊደላችንም እንደማንኛውም ስለሚቆጠር ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚሉኝ አሉ። ረጅም ጽሑፍ እንደ ረጅም ጽሑፍ የሚነበብበት ቦታ ሲኖር ትሬድ ማድረጉ በርግጥ ከንቱ ነው። አክስቴ ያዩት ስክሪንሹት ግን የዞረው በቴሌግራም ነበር።

አዲሱን ትሬድ በጥር 2017 ዓ.ም. ለጠፍሁ፤ አሮጌውንም አጠፋሁ። ስክሪንሹቱን ግን ማጥፋት አልቻልሁም፤ በየስልኩ አለ። ጳጉሜን 2019 ባለ 6 ቀን ስለሆነች 2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ገናም ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ ቀን ይውላል። ያን ጊዜ ያ አሮጌ ፖስት ለአንድ ዓመት ያህል እንደገና እውነት ይሆናል። አክስቴ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ፤ «አሁንስ አላምንህም፣ ቄሱን ነው የምጠይቀው» ብለውኛል።